የዘለሉት ምዕራፍ ሁሉ የማይፈልጉት አይደለም

ጥያቄ፦ የ80 ደቂቃ የኤክሴል ትምህርት ዩቲዩብ ላይ ጭኛለሁ። 6,000 ገደማ እይታ አለው፤ በዘጠኝ ምዕራፍ ከፋፍዬዋለሁ። የቆይታ ግራፉን ሳየው ምዕራፍ 3 ላይ (ዳታ ማጽዳት፣ ከ10ኛው እስከ 21ኛው ደቂቃ) ከ41 ወደ 22 በመቶ ይወርዳል፤ ምዕራፍ 4፣ ድምርና አማካይ፣ ላይ ወደ 34 ይመለሳል። እስከ ምዕራፍ 6 መጨረሻ ቀስ እያለ 30 ይደርሳል። ምዕራፍ 7 (VLOOKUP፣ ኮድ ፈልጎ ዋጋውን የሚያመጣው ቀመር፣ ከ46ኛው ደቂቃ ጀምሮ) ላይ ዘሎ 47 ይሆንና 52ኛው ደቂቃ ሳይደርስ ወደ 29 ይወድቃል። 17ኛው ደቂቃ ላይም ትንሽ ጉብታ አለ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ምዕራፍ 3ን ቆርጬ ልጣለው? ወይስ ቪዲዮውን ለሁለት ልክፈለው?

ምላሽ፦ ምዕራፍ 3ን ለጊዜው አይንኩት። ያልገባዎት የ17ኛው ደቂቃ ጉብታ ከጠቀሷቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥብኛል። ምናልባት ቪዲዮው እንዴት መስተካከል እንዳለበት የሚነግርዎት እሱ ነው። ግን እዚያ ከመድረሳችን በፊት የሚያዩት መስመር ምን እንደሚቆጥር እንስማማ። ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አንድ አዳራሽ ያስቡ። በር ላይ ቆመው የገባውንና የወጣውን እየመዘገቡ አይደለም። በየተወሰነ ጊዜ ብቅ ብለው ውስጥ ያለውን ሰው ቆጥረው ይመለሳሉ። 41 ነበር፣ 22 ሆነ፣ 34 ሆነ። ከወጡት ውስጥ ስንቱ ቤቱ ሄደ? ስንቱ ኮሪደር ላይ ቆሞ ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ ጠበቀ? አሁን ከገቡት ውስጥስ ስንቱ አዲስ ነው? ቆጠራው አይነግርዎትም። የቆይታ ግራፍም እንደዚያው ነው። ከጠቅላላው እይታ ውስጥ ያቺን ቅጽበት ያየው ስንት በመቶ እንደሆነ ብቻ ያሳያል። ማን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ሰው መልሶ ካያት ደግሞ ሁለቴ ይቆጠራል።

ስለዚህ «ከ41 ወደ 22 ወርዶ ወደ 34 ተመለሰ» የሚለው ቢያንስ ሁለት በጣም የተለያዩ ታሪኮች ሊሆን ይችላል። በአንደኛው፣ ሰዎች የምዕራፉን ርዕስ አይተው «ይሄን አውቀዋለሁ» ብለው ምዕራፍ 4 ላይ አረፉ። በሁለተኛው፣ ምዕራፍ 3 ላይ የተሰላቹት ጭራሽ ሄዱ፤ ምዕራፍ 4 ላይ የገቡት ደግሞ ድምርና አማካይ ሲፈልጉ በሊንክ በቀጥታ የመጡ ሌሎች ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው ምንም ጉዳት የለውም። ሁለተኛው በየቀኑ ተመልካች የሚያስከፍል ቀዳዳ ነው። ግራፉ ላይ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቅርጽ አላቸው።

የሚለይበት መንገድ አለ። በስቱዲዮው ገጽ ላይ የሚያዩት መስመር የተሠራበት ዳታ በዩቲዩብ አናሊቲክስ ኤፒአይ፣ ማለትም ዳታውን በጥያቄ በሚሰጠው የዩቲዩብ አገልግሎት፣ በኩል በቁጥር ይገኛል፤ ከመስመሩ በላይ ሁለት ጠቃሚ ቆጠራዎችም ይሰጣል። ኮድ ባይችሉም አይጨነቁ። የኤፒአይው መመሪያ ገጽ ላይ መሞከሪያ ሳጥን አለ፤ በቻናልዎ አካውንት ገብተው እነዚህን ይሞላሉ፦

```
ids=channel==MINE
startDate=2025-01-01
endDate=2025-03-31
dimensions=elapsedVideoTimeRatio
metrics=audienceWatchRatio,startedWatching,stoppedWatching
filters=video==VIDEO_ID
```

ቀኖቹንና የቪዲዮውን መለያ በራስዎ ይተኩ። የሚመጣልዎት 100 ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ነው። `audienceWatchRatio` ያው የሚያውቁት መስመር ነው። `startedWatching` ስንት እይታ ከዚያ ቦታ እንደጀመረ ይቆጥራል። `stoppedWatching` ደግሞ ስንት እይታ እዚያ እንዳበቃ። በአዳራሹ ምሳሌ ከሄድን፣ አሁን የውጭ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመልዎት ማለት ነው።

100 ረድፍ የሚለውን ልብ ይበሉ። ቪዲዮው አምስት ደቂቃም ይሁን ሦስት ሰዓት፣ ረድፉ ያው 100 ነው። የእርስዎ 80 ደቂቃ ለ100 ሲካፈል እያንዳንዱ ረድፍ 48 ሰከንድ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ከሁለት ደቂቃ ተኩል ያነሰ ምዕራፍ ላይ ብዙ አልፈርድም፤ በሁለትና በሦስት ረድፍ ምን ይታያል? ሌላም ነገር አለ። ምዕራፍ 3 የሚጀምረው ልክ 10:00 ላይ ነው። `0.13` የሚለው ረድፍ ግን ከ9:36 እስከ 10:24 ያለውን ይይዛል። ግማሹ የምዕራፍ 2 መጨረሻ ነው፣ ግማሹ የምዕራፍ 3 መጀመሪያ። በዚህ ረድፍ ላይ ተመሥርተው «ገና ርዕሱን ሲያዩ ሸሹ» ማለት አይችሉም። ድንበር ላይ ያለውን ረድፍ ይዝለሉት፤ ሙሉ በሙሉ ምዕራፉ ውስጥ የሚወድቁትን ይዩ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ከ41 ወደ 22 ሲወርድ የጠፋው 19 በመቶ ነው። ከ6,000 እይታ 1,140 ይሆናል። ከ22 ወደ 34 ሲመለስ የተጨመረው 12 በመቶ ማለትም 720 እይታ ነው። እነዚህ የእርስዎ ናቸው። የሚቀጥሉት ሁለቱ ግን ለምሳሌ ያህል እኔ ያስቀመጥኳቸው ስለሆኑ በራስዎ ሠንጠረዥ ይተኳቸው። ምዕራፍ 3 መግቢያ ላይ መስመሩ በሚወድቅባቸው ረድፎች `stoppedWatching` ተደምሮ 400 ሆነ እንበል። ምዕራፍ 4 መግቢያ ላይ ደግሞ `startedWatching` ተደምሮ 150 ሆነ እንበል።

ከወረዱት 1,140 ውስጥ ጨርሰው የሄዱት 400 ናቸው። የቀሩት 740 አልሄዱም፤ ወደ ሌላ ቦታ ዘለሉ እንጂ። ምዕራፍ 4 ላይ ከተጨመሩት 720 ውስጥ 150ዎቹ በቀጥታ ከውጭ የመጡ ናቸው። 570ዎቹ ከቪዲዮው ውስጥ ዘለው ያረፉ። እንግዲህ ከ740 ዘላዮች 570 ገደማው አንድ ምዕራፍ ብቻ አለፉ፤ 170 የሚሆኑት ደግሞ ራቅ ብለው ሄዱ፣ ምናልባትም ወደ VLOOKUP። ግምት ነው። መልሰው የሚያዩ ሰዎች ቁጥሩን ትንሽ ያዛቡታል፤ በመደበኛ ሁኔታ በየረድፉ የሚወጣ ሰውም አለ። ግን ለውሳኔ ይበቃል። ቁጥሩ እንዲህ ከወጣ የመጀመሪያው ታሪክ ነው እውነቱ፦ አብዛኛው ሰው ዘለለ እንጂ አልሄደም። የተገላቢጦሽ ሆኖ `stoppedWatching` 1,000 ቢሆን ኖሮ የምነግርዎት ሌላ ነገር ነበር።

አንድ ወጥመድ ላንሳ። `startedWatching` ላይ ከዜሮ ደቂቃ ውጭ የጀመረ ሁሉ በሊንክ የመጣ አይደለም። 80 ደቂቃ በአንድ ቁጭታ የሚጨርስ ጥቂት ነው። ዛሬ 25ኛው ደቂቃ ላይ አቁሞ ነገ ሲመለስ፣ ዩቲዩብ ካቆመበት ሊያስቀጥለው ይችላል። እሱም ከመሃል የጀመረ ሆኖ ይቆጠራል። መለያው ምንድን ነው? ካቆመበት የሚቀጥል ሰው በየቦታው ተበትኖ ነው የሚታየው። በሊንክ ወይም በፍለጋ ውጤት የሚመጣ ግን የምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ተከምሮ ይታያል። ክምር ከሌለ፣ ሊንክ የለም።

ወደ VLOOKUP እንሂድ፤ ጉዳዩ የሚከርረው እዚያ ነው።

ከ30 ወደ 47 የሚያሻቅብ መስመር ማለት ከ1,000 በላይ እይታ ለዚህች ምዕራፍ ብሎ መጥቷል ማለት ነው። ለብዙ ሰው ቪዲዮዎ የ80 ደቂቃ ትምህርት አይደለም። 46 ደቂቃ መግቢያ የተለጠፈበት የVLOOKUP ትምህርት ነው። ይህ ራሱ ለክፍፍሉ ጥያቄ ግማሽ መልስ ነው። ግን ከስድስት ደቂቃ በኋላ ወደ 29 መውደቁስ? ፈልገውት የመጡትን ነገር መሃል ላይ ለምን ይተዉታል? የሚፈልጉትን አግኝተው ሄደው ይሆን?

አግኝተው የሚሄዱ ሰዎች መውጫቸው ይለያል። ቀመሩ ሠርቶ ውጤቱ ስክሪኑ ላይ ከታየ በኋላ ነው የሚወጡት። ስለዚህ ቪዲዮውን ከፍተው 50ኛው፣ 51ኛው፣ 52ኛው ደቂቃ ላይ ምን እያደረጉ እንደነበር ይዩ። ውጤቱ 50 ላይ ታይቶ ከዚያ ተጨማሪ ምሳሌ እየሰጡ ከሆነ ጠግበው ነው የሄዱት፤ ምንም አይደል። ቀመሩን ገና ጽፈው ወደ ታች እየጎተቱ ከሆነ ግን ያልሠራላቸው ሰዎች ናቸው።

አሁን ያንን ጉብታ ያምጡት። የልምምድ ፋይልዎን አላየሁትም፤ ግን ዳታ ማጽዳት የሚል ምዕራፍ መሃል፣ 17ኛው ደቂቃ አካባቢ፣ ምን እያስተማሩ እንደሆነ ብጠየቅ `TRIM` ላይ እወራረዳለሁ። ትርፍ ክፍት ቦታ ማጥፋት፣ ወይም በጽሑፍ መልክ የተቀመጠ ቁጥርን ወደ ቁጥር መለወጥ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሰውየው ምዕራፍ 3ን ዘለለ። ፋይሉን ያወረደው ግን ሳይጸዳ ነው። VLOOKUP ላይ ደረሰ፤ እርስዎ እንዳደረጉት ቀመሩን ጻፈ። እርስዎ ጋ ዋጋው ወጣ፤ እሱ ጋ `#N/A`፣ «አልተገኘም» የሚለው ስህተት፣ ወጣ። ለኤክሴል `A-104` እና መጨረሻው ላይ አንድ ክፍት ቦታ ያለው `A-104 ` ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዓይን አይለዩም። 104 የሚል ቁጥርና በጽሑፍ መልክ የተቀመጠ 104ም እንዲሁ አይገናኙም። እርስዎ ምዕራፍ 3 ላይ ስላጸዱት ቪዲዮው ላይ ስህተቱ አይታይም። ስለማይታይም ምዕራፍ 7 ላይ ስለሱ አንድም ቃል አልተናገሩም። ሰውየው ቀመሩን ሦስት ጊዜ ያስተካክላል። አንዳንዱ ይተወዋል፤ ይሄ የ52ኛው ደቂቃ ውድቀት ነው። ብልጡ ወይም እልኸኛው ደግሞ የምዕራፎቹን ዝርዝር አይቶ «ዳታ ማጽዳት… እዚያ ይሆን እንዴ?» ብሎ ይመለሳል። 11 ደቂቃውን እየጠቆመ እየጠቆመ 17 ላይ ያገኘዋል። ይሄ ደግሞ ጉብታዎ ነው።

ልክ ከሆንኩ ምዕራፍ 3 የማይፈለግ ምዕራፍ አይደለም። ሰው ገና ጥቅሙን ሳያውቅ የቀረበ ምዕራፍ ነው። ቢቆርጡት ተመልሰው የሚያገኙበትን ብቸኛ ቦታ ያጠፋሉ፤ የVLOOKUP ውድቀቱም ይብሳል።

ግምት ስለሆነ ግን መፈተሽ አለበት። ሦስት ነገር ያድርጉ፤ ሁሉም ተደምሮ አንድ ሰዓት አይፈጅም። መጀመሪያ ያልተጸዳውን ፋይል ያውርዱ፤ ልክ እንደ ተመልካች፣ ከሊንኩ። ምዕራፍ 3ን ሳይሠሩ በቀጥታ ምዕራፍ 7ን በእጅዎ ይሥሩት። `#N/A` ከመጣ ግማሹ ተረጋገጠ። ሁለተኛ፣ ኮሜንቶቹ ውስጥ «N/A» ወይም «አልሠራልኝም» የሚሉትን ይፈልጉ። ሦስተኛ፣ 17ኛው ደቂቃ የሚወድቅበትን የ`0.22` ረድፍ (ከ16:48 እስከ 17:36) ይዩ። `startedWatching` ከጎረቤቶቹ ጋር ተመሳሳይ ከሆነ ሰዎቹ የመጡት ከቪዲዮው ውስጥ ነው፤ የኔን ታሪክ ይደግፋል። ከጎረቤቶቹ አምስት እጥፍ ከሆነ ግን አንድ ሰው የሆነ ቦታ ያቺን ደቂቃ በሊንክ አጋርቷል ማለት ነው። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ እኔም ተሳስቻለሁ።

ጉብታ ሲባል ለማድነቅ አይቸኩሉ። እኔ ራሴ አንድ ቪዲዮዬ ላይ ጉልህ ጉብታ አይቼ «ይቺን ማብራሪያ ወደዷት» ብዬ፣ ያንኑ አቀራረብ ሌሎች ሦስት ቪዲዮዎች ላይ ደገምኩት። ኋላ በስልኬ ሳየው ነው የገባኝ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ከማነሱ የተነሣ አይነበብም። ሰው አሥር አሥር ሰከንድ ወደ ኋላ እየመለሰ የሚያፈጠው ለማንበብ ነበር። ሦስቱንም እንደገና ቀረጽኳቸው።

ግምቱ ተረጋገጠ እንበል። ምን ይደረግ?

የምዕራፍ 3ን 11 ደቂቃ እንዳለ አያንቀሳቅሱት። VLOOKUP የሚፈልገው ከውስጡ ሁለት ደቂቃውን ነው፦ ትርፍ ክፍት ቦታውንና በጽሑፍ የተቀመጠውን ቁጥር። እነዚያን ወደ ምዕራፍ 7 ያምጧቸው። ያውም መጀመሪያው ላይ አይደለም። ቀመሩን ይጻፉ፤ `#N/A` ይምጣ፤ ተመልካቹ ይየው። ከዚያ ለምን እንደመጣ ያሳዩ።

```
=VLOOKUP(TRIM(A2),F:G,2,FALSE)
```

ይቺ የሚፈለገውን ኮድ ብቻ ነው የምታጸዳው። ትርፍ ቦታው ሠንጠረዡ ውስጥ፣ አምድ F ላይ ከሆነ አሁንም `#N/A` ይመጣል፤ አምዱ ራሱ መጽዳት አለበት። ይህን እዚያው ካሳዩ፣ ቅድም ሰው የዘለለውን ትምህርት አሁን ቁጭ ብሎ ያየዋል። ይዘቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ችግሩ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ከምዕራፍ 3 የቀረው፣ የተደጋገመ ረድፍ ማጥፋት፣ አምድ መሰንጠቅ ወዘተ፣ ለብቻው ትንሽ ቪዲዮ ቢሆን አይከፋም።

አንድ ምዕራፍ ከማንሳትዎ በፊት ግን ከሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ምን እንደሚፈልጉበት በወረቀት ይጻፉ። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። ለምሳሌ ምዕራፍ 8 ፒቮት ከሆነ፣ እሱም ንጹሕ ዳታ ይፈልጋል። ትርፍ ቦታ ያለበት ስም ፒቮት ላይ ሁለት ረድፍ ሆኖ ይወጣል፤ ድምሩም ለሁለት ይከፈላል። ያው ችግር ነው፤ ግን እዚህ የስህተት ምልክት አይመጣም፤ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሁለት የልምምድ ፋይል ያዘጋጁ፦ አንዱ የተጸዳ፣ ለሁሉም ምዕራፍ፤ ሌላው ያልተጸዳ፣ ለVLOOKUP ብቻ። ሊንካቸውን ለየብቻ ያስቀምጡ።

አሁን ክፍፍሉ። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። ሰው ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ቀጣዩ የሚፈስ ከሆነ አብረው ይቆዩ። ሰው ለአንዱ ብቻ ገብቶ ከሱ የሚወጣ ከሆነ ያ ምዕራፍ ለብቻው ይሂድ። የእርስዎ 4፣ 5 እና 6 ከ34 ወደ 30 ብቻ ነው የወረዱት፤ ያውም በ25 ደቂቃ ውስጥ። ይህ በጣም ጥሩ ፍሰት ነው፤ እንዳይነኩት። VLOOKUP ግን ድንገት ይወጣል፣ ድንገት ይወርዳል፤ ደሴት ነው። እሱን አውጥተው ከሁለት ደቂቃው ማጽጃ ጋር የ15 ደቂቃ ቪዲዮ ያድርጉት። ሲያወጡት ግን እንዳለ ቆርጠው አይጫኑት። «ቅድም እንዳየነው» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ይኖሩታል፤ ፋይሉም ያልተዋወቀ ነው። የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ እንደገና ይቅረጹ።

በነገራችን ላይ ያቺ የመጀመሪያ ደቂቃ አሁንም ሳትጎዳዎት አትቀርም። የምዕራፍ ምልክቱ 46:00 ላይ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረውስ? ያለፈውን ምዕራፍ እየጠቀለሉ ለ40 ሰከንድ የሚያወሩ ከሆነ፣ ዘሎ ያረፈ ሰው የሚሰማው ያላየውን ነገር ማጠቃለያ ነው። ምልክቱን ለብቻው ትርጉም የሚሰጥ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ያድርጉት። ይህ ለማንኛውም ምዕራፍ ይሠራል፤ ኤዲትም አይፈልግም፤ በመግለጫው ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው።

ለዋናው ቪዲዮ የምመክርዎት አሠራር ይህን ይመስላል። መግቢያውን ወደ አንድ ደቂቃ አሳጥሬዋለሁ። ምዕራፍ 2ን ስላልጠቀሱት እንዳለ ትቼዋለሁ። ያልነገሩኝን የምዕራፍ ስምና ርዝመት ገምቼ ነው፦

```
00:00 የምንሠራበት ፋይል
01:00 የኤክሴል ገጽ
07:50 ድምርና አማካይ
16:50 በIF መወሰን
25:50 ማጣራትና መደርደር
32:50 ፒቮት
43:50 ቻርት
```

ዝርዝሩ ምዕራፍ ሆኖ እንዲታይ የመጀመሪያው ጊዜ `00:00` መሆን አለበት፤ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያስፈልጋል፤ በቅደም ተከተል ይሁኑ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ አይነስ። አንዱ ከተጓደለ ምዕራፎቹ አይታዩም፤ ስህተት ነው ብሎ የሚነግርዎትም ላይኖር ይችላል።

አሠራሩ ላይ ምርጫ አለዎት። በዩቲዩብ የራሱ ኤዲተር ከመሃል ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ሊንኩም እይታውም አይጠፋም። አዲስ ነገር ማስገባት ወይም ቅደም ተከተል መቀየር ግን አይቻልም። የእርስዎ ለውጥ በአብዛኛው መቁረጥ ስለሆነ ለዋናው ቪዲዮ ይበቃል። VLOOKUPን ግን አዲስ ቪዲዮ አድርገው ይጭኑታል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ አዲሱን ይጫኑ፤ ለጥቂት ሳምንት አሮጌው ምዕራፍ 7 እንዳለ ይቆይ፤ ሰው ወደ አዲሱ መሄድ ሲጀምር ከዋናው ላይ ይቁረጡት። 1,000 እይታ የሚስብ ምዕራፍ በአንድ ሌሊት አይነቀልም። ከቆረጡ በኋላ ሁሉም የምዕራፍ ጊዜ ይዛባል፤ በእጅ ያስተካክሉት። ኮሜንት ውስጥ ሰዎች የጻፏቸው የደቂቃ ሊንኮችም የተሳሳተ ቦታ ይወስዳሉ። እነሱን ማስተካከል አይችሉም፤ ከላይ አንድ ኮሜንት ፒን አድርገው ያሳውቁ።

ይህ ሁሉ ሥራ ከበዛብዎ በርካሹ ይጀምሩ፦ የምዕራፍ 3ን ርዕስ ብቻ ይለውጡ። «ዳታ ማጽዳት» ሰው እንዲዘልል የሚጋብዝ ርዕስ ነው፤ የቤት ጽዳት ይመስላል። «VLOOKUP #N/A እንዳይልዎት» ቢሉትስ? ከዚያ ከለወጡበት ቀን ወዲህ ያለውን ዳታ ብቻ ይሳቡ፤ `startDate` የገባው ለዚህ ነው። የቀድሞውን ከአዲሱ ከቀላቀሉ የድሮው 6,000 እይታ አዲሱን ይውጠዋል፤ ምንም ለውጥ አይታይዎትም።

ስንት እይታ እንጠብቅ ካሉ፣ እኔ ከ500 በታች አላየውም። በ200 እይታ ሦስት በመቶ ማለት ስድስት ሰው ነው። ስድስት ሰው ደግሞ አንድ አስተማሪ ክፍሉን «17ኛውን ደቂቃ እዩ» ቢል የሚሞላ ቁጥር ነው።

አዲሱ የVLOOKUP ቪዲዮ 500 ሲደርስ ስህተቱ የሚመጣበትን ቦታ ይዩ። ከ`#N/A` በኋላ ባሉት ረድፎች `stoppedWatching` ዝቅ ብሎ ከቆየ ችግሩ የቦታ ነበር። እዚያው ላይ አሁንም ከተከመረ ግን ማጽዳቱ አልነበረም ያባረራቸው። ያኔ ያቺን ስድስት ደቂቃ በስልክ፣ ድምፁን ዘግተው አንዴ ይዩዋት፤ ቀመሩ የተጻፈበት መስመር ይነበባል ወይ የሚለውን ከሁሉ አስቀድመው።